ቴክ ሆም አሳይንመንት ምንድን ነው? አመልካቹስ እንዴት ሊሠራው ይገባል?

ቴክ ሆም አሳይንመንት የሶፍትዌር ድርጅቶች ሥራ አመልካች ከመቅጠራቸው በፊት በራሱ ኮምፒውተርና በራሱ ጊዜ ሠርቶ እንዲያስረክብ የሚሰጡት አነስተኛ የፕሮግራም ሥራ ነው። ገምጋሚው አመልካቹ ሲሠራ አያየውም፤ እጁ የሚገባው ኮዱ፣ ቴስቶቹና አብሯቸው የተቀመጠው README ብቻ ስለሆነ፣ አመልካቹ አስቦበት ያልጻፈው ነገር ሁሉ እንዳላሰበው ይቆጠርበታል።

ጎንደር ተቀምጣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ያመለከተች አንዲት ፕሮግራመር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወንበር ለመያዝና ለመሰረዝ የሚያገለግል ኤፒአይ በአራት ሰዓት ውስጥ እንድትሠራ ተጠየቀች እንበል። ክፍያ በቴሌብር፣ የተጠቃሚ መግቢያ፣ የኤስኤምኤስ ማረጋገጫና የወንበሮች ሥዕል ወዲያው በሐሳቧ ይመጣሉ። እነዚህን ሁሉ በግማሽ መሥራት በእኔ ግምት አመልካቾችን ከሚጥሉ ነገሮች ዋነኛው ነው። የዚህ ሥራ እምብርት አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ ማድረግ ስለሆነ፣ ጊዜዋን በዚያ ላይ አውላ የቀረውን በREADME ውስጥ «ሆን ብዬ የተውኩት» ብላ ከነምክንያቱ ብታሰፍር ይሻላታል።

ወሰን ሲቆረጥ ግልጽ ያልሆነውም ነገር ይወሰናል። ለምሳሌ ተሳፋሪው «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» የሚለው መነሻ ለውጭው ገምጋሚ 06:00 ነው። ድርጅቱን በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ከዘገየ ግን ኤፒአዩ `2025-03-01T06:00:00+03:00` በሚመስል አጻጻፍ ብቻ እንደሚቀበልና ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱ የስልኩ መተግበሪያ ድርሻ እንደሚሆን ጽፎ መቀጠል ነው።

ቴስት ላይ ቁጥር ማብዛት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቴስት ያንኑ ወንበር ሁለት ጊዜ ይጠይቅና ፊተኛው ተመዝግቧል የሚለውን 201፣ ኋለኛው ግጭት አለ የሚለውን 409 እንዲመልስ ይጠብቃል። ይህ ቴስት ግን ብቻውን ያታልላል። ፕሮግራሙ በቅድሚያ «ወንበሩ ባዶ ነው?» ብሎ አይቶ ከዚያ የሚመዘግብ ከሆነ፣ ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ሲመጡ ቴስቱ ያልፋል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲጠይቁ ግን ሁለቱም ወንበሩን ባዶ ሆኖ ያገኙትና ሁለቱም ይመዘገባሉ። ስለዚህ ጥበቃው ወደ ዳታቤዙ መውረድ አለበት፤ የሚከተለው ኢንዴክስ በአንድ ጉዞ ላይ አንድ ወንበር ከአንድ በላይ ያልተሰረዘ ምዝገባ እንዳይኖረው ይከለክላል፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX one_active_seat
ON bookings (trip_id, seat_no)
WHERE status = 'active';
```

የመጨረሻው መስመር ከሌለ ተሳፋሪ የሰረዘው ወንበር መዝገቡ ውስጥ ስለሚቆይ ዳግመኛ ሊሸጥ አይችልም፤ «የተሰረዘ ወንበር እንደገና ይያዛል» የሚል ሌላ ቴስት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኢንዴክሱን ራሱን ለመፈተን ደግሞ ኤፒአዩን አልፎ በቀጥታ ሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ የሚያስገባና ሁለተኛው እንዲከለከል የሚጠብቅ ቴስት ይጻፋል። ኢንዴክሱ ለሙከራ ሲጠፋ ይህ ቴስት መውደቅ አለበት፤ ካልወደቀ ምንም እየጠበቀ አይደለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ቴስት በአንጻሩ ኢንዴክሱ ቢጠፋም ማለፉን ሊቀጥል ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የተደረገው ምርጫ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳሳጣ መጻፍ ነው። «SQLite የተጠቀምኩት ቀላል ስለሆነ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለገምጋሚው የሚነግረው ነገር የለም። የሚከተለው ግን ይነግረዋል፦ «SQLite የመረጥኩት ገምጋሚው የዳታቤዝ ሰርቨር መጫን ሳያስፈልገው እንዲያስኬደው ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሚያስተናግድ ብዙ ትኬት ቆራጮች አብረው ሲሠሩ ወረፋ ይፈጠራል፤ ያ ሲሆን ወደ PostgreSQL እወስደዋለሁ፤ ኢንዴክሱ እዚያም ይሠራል።» እዚህ ላይ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ምርጫው የሚለወጥበት ሁኔታ አብረው ስለተቀመጡ ገምጋሚው በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ማስታወሻዎች ይበቃሉ፤ README ከኮዱ ከረዘመ የሚያነበው አይገኝም።

ከመላክ በፊት ፕሮጀክቱን በአዲስ ፎልደር በ`git clone` አውርዶ README ላይ የተጻፉትን ትዕዛዞች ብቻ እየተከተሉ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ በሠሪዋ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ `.env` ፋይል ወይም ሳይመዘገብ የቀረ ላይብረሪ የሚጋለጠው እዚህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያጥርባት ደግሞ መሰረዙን ትታ የወንበር ጥበቃውን ከነቴስቱ ብታስረክብና መሰረዝ እንዳልተሠራ በREADME የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ብትጽፍ፣ ሁለቱንም በግማሽ ከማስረከብ ይሻላታል።