ፎቶው ላይ ጥቁር የታየ ሁሉ ጥቁር አልነበረም

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ቆየሁ። ድሮ ሰው የሚመጣው ለጉርድ ፎቶ ነበር። አሁን ግማሹ የአያቱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣና «ቀለም አስገባበት» ይለኛል። ሥራውን እወደዋለሁ። የሰለቸኝ ከሥራው በፊት ያለው ክርክር ነው። መቶ ሰው መቶ ጊዜ ያንኑ ይለኛል። እስቲ ዛሬ በጽሑፍ ልገላገለው።

«ፎቶው ቡናማ ነው፤ ልብሱም ቡናማ ነበር ማለት ነው።»

አይደለም። ቡናማው ብዙውን ጊዜ የወረቀቱ እርጅና ነው። ስካን እንዳደረግኩ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው።

«ጥቁር የታየው ጥቁር ነው፣ ነጭ የታየው ነጭ ነው። በቃ ባየኸው ቀባ።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

የድሮ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል የገባ ሰው ቀዩን አምፖል ያስታውሳል። ለምን ቀይ ሆነ? የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማያይ ነው። ሰማያዊውን ያያል፣ ቀዩን አያየውም። ስለዚህ በቀይ መብራት ስትሠራበት አይቃጠልም።

አሁን በየመንገዱ ቆመው የነበሩትን የሳጥን ካሜራዎች አስቡ። ባለ ሦስት እግር፣ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ያላቸው። ብዙዎቹ ፊልም አልነበራቸውም። ፎቶ አንሺው ሳጥኑ ውስጥ ያንኑ ወረቀት ያስገባል፣ ሰውየውን ያነሳል፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ያጥባል። የሚወጣው ግልባጭ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ። እሱን ደግሞ ፊት ለፊት ሰቅሎ መልሶ ያነሳዋል። አያታችንን ያየው እንግዲህ ቀይ የማያይ ወረቀት ነው።

ውጤቱ ምን ይሆናል? ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቢጫ ይጠቁራል። ካኪ ይጠቁራል። ወርቅ ይጠቁራል። ሰማያዊ ግን ይነጣል። የሰው ቆዳ ደግሞ፣ የኛ ቡናማ ቆዳ፣ ከቀይና ከቢጫ የተሠራ ስለሆነ ከነበረበት በጣም ጠቁሮ ይወጣል። ከንፈር ከሰል ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ መጣች። የ1950ዎቹ ፎቶ ይዛለች፤ አያቷ፣ ባለቤታቸው፣ አያቷ ጭን ላይ ደግሞ ሕፃን ልጅ። ትዕዛዙ ቁርጥ ያለ ነው። ቀሚሱ ነጭ፣ የነጠላው ጥለት ጥቁር፣ የባልየው ኮት ጥቁር። «አያቴን ደግሞ እንዳለች ጥቁር አድርጋት» አለችኝ። አብራት የመጣችው አክስቷ ከት ብላ ሳቀች። «እናቴ እኮ ቀይ ነበረች! ቀይ ዳማ!» ልጅቱ ፎቶውን እያሳየች ተከራከረቻት። እናቷን የምታውቅ ሴት በወረቀት ልትረታ ነው እንግዲህ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የአያትየው አንገት ላይ ጠቆር ያለ ሐብል አለ፣ ጣታቸው ላይ ደግሞ የሚያበራ ቀለበት። «ሐብሉ ምን ነበር?» ስል አክስትየው «ወርቅ» አለችኝ። ቀለበቱስ? ብር። አለቀ። በአንድ ብርሃን ወርቅ ጠቁሮ ብር ከነጣ፣ የተነሳበት ነገር ሰማያዊ እንጂ ሌላ አያይም ማለት ነው። ባንዲራ ያለበት ፎቶ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ይቀል ነበር። በዓይናችን ከሦስቱ የሚደምቀው ቢጫው ነው። ፎቶው ላይ ቢጫው ከቀዩ እኩል ጠቁሮ ካየኸው፣ ጥቁርና ነጩን አትመነው።

ቀሚሱን ከነጠላው ጋር አስተያየሁት። ኮምፒውተሩ ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይለካል። ፀሐይ ያረፈበት ነጠላ 240 ገደማ ነው። በዚያው ፀሐይ ያለው ቀሚስ 205። ሁለቱም ነጭ ቢሆኑ ይህን ያህል ባልተራራቁ ነበር። አክስትየውን «ከቀሚሱ የተረፈ ቁራጭ ቤት የለም?» አልኳት። በሳምንቱ የድሮ ትራስ ይዛ መጣች። የትራሱ ጀርባ የተጣፈው በዚያ ቀሚስ ጨርቅ ነው። ውሃ ሰማያዊ! ውጩ ነጥቷል፤ ስፌቱን ፈታ ስናደርገው ግን ውስጡ ቀለሙን ይዟል። የወሰድኩት የውስጡን ነው፤ ፎቶው ሲነሳ ቀሚሱ አዲስ ነበርና።

ኮቱም ጥቁር አልነበረም። ባልየው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አክስትየው ከካኪ ሌላ ለብሰው አላየቻቸውም።

አሁን ጀማሪ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ፎቶሾፕ ላይ አዲስ ሌየር ከፍተህ ከ Blending Mode ዝርዝር Color የሚለውን ስትመርጥ፣ ቀለሙ ይቀየራል እንጂ ብርሃኑ አይነካም። ኮቱ ላይ የነበረው ልክ 50 ነው። ካኪ ብትቀባበት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ብርሃኑን አስተካክላለሁ። ኮቱን ብቻ መርጬ በ Curves ወደ 120 አወጣሁት። ቀሚሱን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። የአያትየውን ፊት ከ60 ወደ 95 ከፍ አደረግኩ፤ ከንፈሩን ለብቻው። ከዚያ በኋላ ነው ቀለም።

ገደብ አለው። ጨለማ ውስጥ ያልተመዘገበ ነገር በማብራት አይወጣም። ፊቱን ከ95 አልፌ 115 ስሞክር የወረቀቱ ጭረትና ነጠብጣብ ብቅ አለ፣ ፊቱም አመድ የተቀባ መሰለ። ቅንድቡና ጉንጩ መለያየት ሲያቅታቸው መቆም አለብህ። እኔ ወደኋላ ተመለስኩ። አክስትየው አሁንም «ትንሽ ትቀላለች» ትለኛለች። ልክ ትሆናለች፤ ወረቀቱ ግን ከዚያ በላይ የለውም።

ጥለቱስ? እሱን አላረጋገጥኩም። በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ቀይም፣ ጥቁር አረንጓዴም፣ ጥቁርም አንድ ይሆናሉ። አክስትየው «ቀይ» አለች፣ ቁራጭ ግን የለም። ቀይ አደረግኩት፤ ጎልቶ እንዳይጮህ ግን አደበዘዝኩት።

«የኛ እኮ ስቱዲዮ ገብተው በፊልም የተነሱት ነው» የሚለኝም አለ። ጥሩ። ቀይን ጨምሮ ሁሉን የሚያይ ፊልም ከሆነ ቆዳው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግን እሱም ቢሆን ብርሃን እንጂ ቀለም አይነግርህም። ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ሹራብ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። አሁንም ያው ነው፤ ትራስ ፈልግ፣ አክስት ጠይቅ።

አጠያየቁም ወግ አለው። «ቀሚሱ ምን ቀለም ነበር?» ብለህ ብትጠይቅ፣ አዋቂው ሁሉ የመጣለትን ይነግርሃል። «የማን ሠርግ ላይ ነበር? ማን ሰፋው? በኋላ ማን ለበሰው?» በል። ያኔ «ለታናሿ አሳጠሩላትና ሰማያዊው ቀሚስ ሲሏት...» ብለው ራሳቸው ያወጡታል።

«ቆዳዋን ጠይም አድርጋትና ጨርስ።»

ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ ዳማ የምንለው ለሰው መለያ ነው። ለብሩሽ አይሆንም። አንድ ጠይም ፊት ላይ ቢያንስ ሦስት ቀለም አለ። ጉንጩ፣ ጆሮውና የአፍንጫው ጫፍ ደም ስላለበት ወደ ቀይ ያደላል። ግንባሩ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ይሳሳል። ከዓይን ሥርና ከአገጭ በታች ጠለቅ ይላል። ሁሉንም በአንድ ቡናማ ከቀባህ ሰውየው የሸክላ ጀበና ይሆናል።

እኔ የምጀምረው በፎቶሾፕ የቀለም መምረጫ የቀለሙን ዓይነት በሚወስነው H ላይ 22 ገደማ፣ የቀለሙን ድምቀት በሚወስነው S ላይ 50 አድርጌ ነው። ጉንጭና ጆሮ ላይ H ን ወደ 14 አወርደዋለሁ። የሚያበራው ግንባር ላይ S ን ወደ 28። እነዚህ መነሻ ናቸው። ማረፊያው የልጅ ልጁ ፊት ነው። ከወንበሬ አጠገብ አስቀምጬ መስኮት ዳር አየዋለሁ።

ፎቶው ውጭ ከተነሳ ሌላም አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሰማይዋ በበጋ ጥርት ያለ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ሰው የሚያገኘው ብርሃን ከሰማይ የመጣ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ጥላው ያለበትን ጎን ጥቂት ወደ ሰማያዊ አደላዋለሁ። ነጠላውም እንዲሁ። በፀሐይ በኩል ወደ ክሬም፣ በእጥፋቱ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ግራጫ። «ነጭ ስለሆነ አትንካው» የሚሉኝ ሰዎች ያልተነካ ነጠላ ቀለም ባለው ፎቶ ላይ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት እንደሚመስል ያዩታል።

«ድሮም በእጅ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ እሱን ተከተል።»

የድሮው ቀቢ ሰውየውን አላየውም ይሆናል። ለሁሉም ያንኑ ሮዝ ጉንጭ ነው የሚሰጠው።

«ፀጉርና ጺም ምን ችግር አለው? ጥቁር ወይ ነጭ ነው።»

ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚል ሰው ይገርመኛል። ሂና የት ሄደ? የሽማግሌ ጺም ፎቶው ላይ ጠቆር ብሎ ሥሩ ነጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሂና ይቀቡ እንደነበር ነው። ብርቱካንማ ቀይ ለወረቀቱ ጥቁር ነው።

ጥቁር ፀጉርም ቢሆን ብርሃን ያረፈበት ብቻ ነው ቀለም የሚይዘው። ድቅድቅ ያለው ቦታ ላይ ምንም ብትቀባ አይታይም፤ ቡናማውን የሚያብረቀርቀው ጠርዝ ላይ በስሱ ማድረግ ይበቃል።

በሂና ነገር እኔም ተሳስቻለሁ። የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ላይ ጥፍሮቿ ጠቁረው አየሁ። የወረቀት ቆሻሻ መሰለኝ። አንድ በአንድ አጸዳሁ፣ ጣቶቿን የሚያምር ጠይም አድርጌ ላክሁ። በማግስቱ ልጇ ደወለች። «ወንድሜ፣ ፎቶው አምሯል። የእናቴን ሂና ግን የት አደረስከው?»

ደግነቱ ዋናውን ስካን አልነካሁትም ነበር። አሥሩንም ጥፍር መልሼ አመጣሁና ወደ ቀይ ብርቱካን አደረግኳቸው። ገንዘብ አልተቀበልኩም።