በደረጃ መግባትና መውጣት ምንድን ነው?

ትሬደር ሊይዝ ያሰበውን መጠን በአንድ ትዕዛዝ ሳይሆን ከፋፍሎ በተለያየ ዋጋ ሲገዛ በደረጃ ገባ ይባላል። ከፋፍሎ ሲሸጥ ደግሞ በደረጃ ወጣ። "አማካይ ዋጋዬ ስለሚሻሻል ሪስኬ ይቀንሳል" የሚለው አስተሳሰብ በጣም የተለመደ ነው። ግማሹ ልክ ነው።

ዩሮን በዶላር 1.1000 ላይ በአንድ ጊዜ 0.20 ሎት ገዛን እንበል። ስቶፕ ሎሳችን 1.0950፣ ዒላማችን 1.1100 ነው። በዚህ መጠን አንድ ፒፕ 2 ዶላር ስለሆነ ከከሰርን 100 ዶላር እናጣለን፣ ካተረፍን 200 እናገኛለን።

አሁን ግማሹን 1.1000፣ ቀሪውን ዋጋው ሲወርድ 1.0970 ላይ እንግዛ። አማካያችን 1.0985 ይሆናል። ስቶፕ ሎሱ ቢመታ በመጀመሪያው 50፣ በሁለተኛው 20፣ በድምሩ 70 ዶላር ነው የምናጣው። ኪሳራው በርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ዋጋው 1.0950 የሚደርሰው በ1.0970 አልፎ ስለሆነ በምንከስርበት ጊዜ ሁሉ ሙሉውን መጠን ይዘን ነው። ገበያው ሳይወርድ በቀጥታ ከወጣ ግን ሁለተኛው ትዕዛዝ አይገባም፤ በእጃችን ያለው ግማሹ ብቻ ነው፤ ትርፉም 100 ዶላር ላይ ይቆማል። ምርጥ ግዢዎቻችን በትንሽ መጠን፣ መጥፎዎቹ በትልቅ መጠን ይሆናሉ ማለት ነው። አማካይ ዋጋን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያየውም።

ወደ ላይ እየጨመሩ መግባት ይህን ይገለብጠዋል። ሁለተኛውን ግማሽ 1.1040 ላይ ብንገዛ፣ ገና ከጅምሩ የሚወድቀው ግዢ የሚያስከፍለን 50 ዶላር ብቻ ነው። እዚህ ያለው አደጋ ሌላ ነው፦ ስቶፕ ሎሱን 1.0950 ላይ ከተውነው ሁለተኛው ብቻውን 90 ዶላር ስለሚያጣ ጠቅላላው ኪሳራ 140 ይደርሳል። ወደ 1.1000 ካነሳነው ወደ 40 ይወርዳል፤ ሆኖም ዋጋው ለአፍታ ተመልሶ ቢነካው ጥሩ ግዢ ከእጃችን ይወጣል። ዒላማው ቢሳካም ትርፉ ከ200 ወደ 160 ዝቅ ይላል።

በደረጃ መውጣትም ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ ጊዜ ከገዛነው 0.20 ሎት ግማሹን 1.1050፣ ቀሪውን 1.1100 ላይ ብንሸጥ 150 ዶላር እናገኛለን። በቀጥታ ወርዶ ስቶፕ ሎስ የሚመታው ግዢ ግን አሁንም ሙሉ 100 ያስከፍላል። ጥቅሙ የሚታየው 1.1050 ደርሰው በሚመለሱት ግዢዎች ላይ ነው፦ የቀሪውን ስቶፕ ሎስ ወደ 1.1000 ካነሳን በ100 ኪሳራ ፋንታ 50 ትርፍ ይዘን እንወጣለን። እንዲህ ያሉት በመዝገብዎ ላይ ጥቂት ከሆኑ፣ በደረጃ መውጣት ትርፍ ቆራጭ ነው።

በደረጃ ሲገቡ ከቆዩ፣ ከዚሁ መዝገብ የከሰሩበትንና ያተረፉበትን አማካይ ሎት ለየብቻ አስሉ። የከሰሩበት ከበለጠ፣ ችግሩ አገባብዎ ላይ ነው።