ካርድዎን የተቀበለው ሰው ማታ ምን ያያል? ስለ ግል ድረ ገጽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?»

ደሴ ላይ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሣጥን የሚሠራ ባለሙያ እንውሰድ። ኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ቤቱን እየጨረሰ ካለ ሰው ጋር ይገናኛል፤ አምስት ደቂቃ ያወራሉ፣ ካርድ ይሰጠዋል። ሰውየው ማታ ቻናሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው የመጨረሻውን ልጥፍ ነው፤ እሱም የበዓል መልካም ምኞት ሊሆን ይችላል። ጥሩው ሥራ ወደ ላይ ብዙ ተስቦ ነው የሚገኘው። ድረ ገጽ ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ የመረጠውም ራሱ እስኪቀይረው ድረስ እዚያው ይቆያል።

ይህ ሰው ደግሞ አንዴ አግኝቶዎታል። ያናገርኩት እሱ ነው ወይ? የእኔን ዓይነት ቤት ሠርቶ ያውቃል ወይ? ለቤተሰቤ የማሳየው ነገር አለ ወይ? የሚፈልገው የእነዚህን መልስ ነው። ስለዚህ ገጹ በስልክ ሲከፈት ሳይወርዱ የሚታየው ክፍል የፊትዎን ፎቶ፣ ካርዱ ላይ እንዳለው የተጻፈ ስምዎንና «ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሣጥን እሠራለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይያዝ። «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደኅና መጡ» ቦታ ይይዛል እንጂ ከጥያቄዎቹ አንዱንም አይመልስም። ቻናሉን አይዝጉት፤ መግለጫው ላይ የድረ ገጹን ሊንክ ያስገቡበት።

«ሥራዬን በሙሉ ካላሳየሁ ችሎታዬ አይታወቅም»

ወሎ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያሠራው እዚህ ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚልከው ወንድም ወይም እህት ጅዳ ወይም ዱባይ ይኖራል። ሊንኩ ለእነሱ ይላካል። እነሱ ደግሞ እርስዎን አይተው አያውቁም፤ ያለ ማብራሪያ የተደረደሩ 40 ፎቶዎች ምንም አይነግሯቸውም። በደንብ የተብራሩ አራት ሥራዎች ይበልጣሉ። ከእያንዳንዱ ሥር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይበቃል፦

«ኮምቦልቻ፣ ኮንዶሚኒየም። የኩሽናው ግድግዳ 2.40 ሜትር። የድሮው ኤምዲኤፍ ከሲንኩ ሥር ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። የታችኛውን ሣጥን ውሃ በሚቋቋም ኮምፔንሳቶ ሠርተን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው እግር ላይ አቆምነው፤ ወለሉ ሲታጠብ እንጨቱ አይርስም። 12 ቀን ፈጀ።»

ሦስት ፎቶ ይጨምሩበት፦ ከሥራው በፊት፣ ከሥራው በኋላ፣ እንዲሁም በሩ ተከፍቶ ማጠፊያውና ውስጡ የሚታይበት። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ የእጅ ጥራት የሚለየው ግን እዚያ ነው። የቤቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ ፎቶ አይጫኑ። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ሥራም አይቀላቅሉ፤ ያ ፎቶ ሌላ ቦታ የታየ ዕለት የራስዎ ሥራ ጭምር ይጠረጠራል።

«ጥራቱ እንዳይቀንስ ፎቶውን ከስልኬ እንዳለ ልጫነው»

በስልክ የተነሣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 12 ፎቶ 48 ሜጋባይት ነው። ጎብኚው በዳታ ነው የሚከፍተው፤ ነጩን ገጽ እያየ ብዙ አይጠብቅም። squoosh.app በሚባለው የፎቶ ማሳነሻ ድረ ገጽ ላይ ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል፣ ጥራቱን ወደ 75 ያውርዱት። አብዛኛው ፎቶ ወደ 300 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ሲሞክሩ ዋይፋይ አጥፍተው ገጹን በብሮውዘሩ ኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱት። የለመዱት ብሮውዘር ፎቶዎቹን ቀድሞ ስላስቀመጣቸው ፈጣን መስሎ ያታልላል።

«ሊንኩን ከላክሁ አለቀ»

ቴሌግራም ከሊንኩ ሥር ርዕስና ፎቶ የሚያወጣው ገጹ ውስጥ እነዚህን መስመሮች ሲያገኝ ነው፦

```html
<meta property="og:title" content="ኪችን ካቢኔትና ቁም ሣጥን - ደሴ">
<meta property="og:image" content="https://example.com/kitchen.jpg">
```

የፎቶው አድራሻ ከ`https` ጀምሮ ሙሉ ይጻፍ፤ መጠኑ 1200 በ630 ፒክስል ይሁን። መጀመሪያ ለራስዎ ልከው ይዩት። ፎቶውን ቀይረው አሮጌው እየወጣ ካስቸገረ ቴሌግራም የቀድሞውን ስላስቀመጠ ነው፤ ሊንኩን ለ`@WebpageBot` ሲልኩለት ያድሰዋል።

ስልክ ቁጥሩንም ይፈትሹ። የካርዱን ፎቶ ገጹ ላይ የለጠፈ ሰው ቁጥሩን አስቀመጥሁ ይላል፤ ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ግን ቢነኩት አይደውልም። የመደወያው ሊንክ `tel:+251` ብሎ ይጀምር፤ ከዚያ የመጀመሪያዋን 0 ትተው ከ9 ወይም ከ7 ይቀጥሉ። በ09 የተጻፈ ቁጥር ደሴ ላይ ይሠራል፤ ጅዳ ካለው ወንድም ስልክ ግን አይወጣም።