የገንዘብ አጠቃቀም ሠንጠረዥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብድር ወይም ኢንቨስትመንት ስንጠይቅ "ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል?" ለሚለው ጥያቄ የምንመልሰው በአንድ አጭር ሠንጠረዥ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ ቸኩሎ ይሞላታል። ገምጋሚው ግን ጥያቄዎቹን የሚያነሳው እሷን ይዞ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የሥራ ልብስ የሚሰፋ አንድ አነስተኛ ድርጅት 10 ማሽኖች ጨምሮ ምርቱን ሊያሳድግ ፈልጓል እንበል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራት መስመር ብቻ አለው፦ ማሽን 1,200,000፣ የሥራ ማስኬጃ 500,000፣ ደሞዝ 200,000፣ ልዩ ልዩ 100,000። ድምሩ 2,000,000 ነው፤ ሙሉው ከአበዳሪው ይጠየቃል። በየትኛውም ገንዘብ ቢሰላ አካሄዱ አይለወጥምና የገንዘቡን ስም ትቼዋለሁ።

"ገንዘቡን በየዘርፉ ከፋፍዬ ካሳየሁ ይበቃል፤ ዝርዝሩ ገንዘቡ ሲመጣ ይደርሳል።"

"ማሽን 1,200,000" ብሎ የጻፈ ሰው ለገምጋሚው የሚያጣራው ነገር አልሰጠውም። ስንት ማሽን ነው? ምን ዓይነት? ዋጋውን ማን ነገረህ? በመቶኛ የተከፋፈለ ሲሆንማ ይብሳል። "40 በመቶ ለማሽን" ማለት የጠየቃችሁት ገንዘብ በግማሽ ቢቀንስ የማሽኖቹም ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው ወይ? መልሱ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

አንድ መስመር ተሟላ የሚባለው አራት ነገር ሲይዝ ነው፦ የሚገዛው ነገር፣ ብዛቱ፣ የአንዱ ዋጋ እና ዋጋው የተገኘበት ሰነድ። የምሳሌያችን ድርጅት ፕሮፎርማ ሰብስቦ መስመሩን እንደ አዲስ ሲጽፈው እንዲህ ሆነ። ቀጥታ ስፌት የሚሰፋ የኢንዱስትሪ ማሽን 8 በ90,000፣ ማለትም 720,000። ኦቨርሎክ 2 በ110,000፣ ማለትም 220,000። የማሽኖቹ ድምር 940,000 ነው።

ግን በዚህ አያበቃም። ፕሮፎርማ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ማጓጓዣውንስ ማን ይከፍላል? ተከላውስ? በምሳሌያችን ታክሱ ዋጋው ውስጥ አለ። ማጓጓዣና ተከላ ግን ለብቻ 60,000 ይጠይቃሉ። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ መስመር 10 ተጨማሪ ማሽን ስለማይችል ለዝርጋታ 80,000 ያስፈልጋል። እነዚህን ካልጻፋችሁ ማሽኖቹ ይመጣሉ፣ ግን ሳይሠሩ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማሽኖቹን ሥራ ለማስጀመር የሚበቃው 1,080,000 ነው። የተጠየቀው 1,200,000 ግን ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

"መቀነሳቸው ስለማይቀር ከፍ አድርጌ ልጠይቅ።"

ገምጋሚው ከፕሮፎርማው ጋር ያልገጠመ አንድ መስመር ካገኘ ሌሎቹንም በጥርጣሬ ያያቸዋል። ያለ ምክንያት የተጨመረ ገንዘብ ደግሞ ወለድ ይከፈልበታል፤ ኢንቨስትመንት ከሆነም ድርሻ ይሰጥበታል።

ዋጋ ሊጨምር ይችላል የሚለው ስጋት ግን ትክክል ነው። ለእሱ የሚሆነው ቦታ መጠባበቂያ የሚባለው መስመር ነው፣ ይኸውም በስሙ ተጠርቶ፣ ምክንያቱ ተጽፎ። በድምሩ ላይ "10 በመቶ" ብሎ መደፋት ይቀላል፤ ለማስረዳት ግን ያስቸግራል። ምክንያቱም ሁሉም መስመር እኩል አያሰጋም። በምሳሌያችን ፕሮፎርማው የሚጸናው ለ30 ቀን ብቻ ነው። የብድር ውሳኔው ከዚያ ሊዘገይ ስለሚችል በ940,000ው ላይ 5 በመቶ ተያዘ፣ ማለትም 47,000። ማጓጓዣው፣ ተከላውና ዝርጋታው የባለሙያ ግምት እንጂ የተቆረጠ ዋጋ ስላልሆነ በ140,000ው ላይ 15 በመቶ ተያዘ፣ ማለትም 21,000። መጠባበቂያው በጠቅላላ 68,000 ሆነ። "ልዩ ልዩ 100,000" የሚለው መስመር ከሠንጠረዡ ወጣ። እያንዳንዱ ወጪ የራሱ ቦታ ሲያገኝ እዚያ የሚቀመጥ ነገር አልተገኘም።

የእርዳታ ገንዘብ የምትጠይቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሰጪውን መመሪያ አንብቡ። መጠባበቂያን ጨርሶ የማይቀበሉ፣ ወይም ለአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ያስቀመጡ አሉ።

"የሥራ ማስኬጃ በግምት የሚቀመጥ ነው፤ የሁለት የሦስት ወር ወጪ ይበቃል።"

በጣም የሚጎዳው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ማሽን ሲጎድል ወዲያው ይታያል። የሥራ ማስኬጃ ማጠሩ የሚታወቀው ግን ትዕዛዝ ሞልቶ፣ ሠራተኛ ገብቶ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ነው።

የሥራ ማስኬጃ የሚለካው በቀናት ነው። ገንዘቡ ከእጃችሁ ከወጣበት ቀን አንስቶ ከደንበኛ እጅ እስኪመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? የድርጅቱን ጨርቅ እንከተለው። ጨርቁ ከገባ በኋላ ተቆርጦና ተሰፍቶ ለደንበኛ እስኪደርስ 20 ቀን ይወስዳል። ደንበኛው ከተረከበ ከ45 ቀን በኋላ ይከፍላል። ይህ 65 ቀን ነው። ጨርቅ አቅራቢው ደግሞ 15 ቀን በዱቤ ይታገሳል። ስለዚህ ድርጅቱ በራሱ ገንዘብ የሚሸፍነው 50 ቀን ነው። አዲሶቹ ማሽኖች በቀን በአማካይ የ10,000 ጨርቅ ይፈጃሉ። 50 በ10,000 ሲባዛ 500,000 ይሆናል።

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይም 500,000 ስለነበር ነገሩ የገጠመ ይመስላል። ግን ያሰላነው ጨርቁን ብቻ ነው። የአዲሶቹ ሠራተኞች ደሞዝ በወር 90,000፣ ክርና መብራት 30,000፣ በአንድ ላይ በቀን 4,000 ይወጣል። ይህ ገንዘብ ልብሱ ከመረከቡ በአማካይ 5 ቀን ቀድሞ ይወጣል። ዱቤ ደግሞ የለውም። 5 እና 45 ሲደመሩ እሱም 50 ቀን ነው። 50 በ4,000 ሲባዛ 200,000 ይሆናል። እውነተኛው የሥራ ማስኬጃ 700,000 ነው ማለት ነው። በቀን 14,000 እየወጣ 500,000 ብቻ ቢያዝ ገንዘቡ በ36ኛው ቀን አካባቢ ያልቃል። የመጀመሪያው ክፍያ የሚገባው ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው።

45 ቀን የሚለው ቁጥር የተገኘው ከውል አይደለም። ውሉ 30 ቀን ይል ይሆናል። የቅርብ ጊዜ ትልልቅ ሽያጮቻችሁን አውጡና ዕቃው የተረከበበትን ቀንና ገንዘቡ ባንክ የገባበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። አማካዩን ስትጠቀሙ ዝርዝሩን አባሪ አድርጉት። ለዚህ መስመር ከባንክ መግለጫ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

እዚህ ጋ ሌላ ወጥመድ አለ። ደሞዙን የሥራ ማስኬጃ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ "ደሞዝ 200,000" የሚል መስመር ለብቻው ከቀረ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ጠየቃችሁ። ለብቻው መቆም የሚችለው ምርት ከመጀመሩ በፊት የሚከፈለው ደሞዝ ብቻ ነው። በምሳሌያችን 10 አዳዲስ ሰፊዎች ለአንድ ወር ይሠለጥናሉ። ለእያንዳንዱ 9,000፣ አሠሪው ለጡረታና ለመሰል ነገሮች የሚጨምረውን ጨምሮ። በጠቅላላ 90,000 ነው።

"የራሴን ገንዘብ ማሳየት አያስፈልግም፤ እስካሁን ያወጣሁት ይበቃል።"

ሠንጠረዡ ስለሚመጣው ሥራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተገዛው ማሽን የንብረት ዝርዝር ውስጥ ይገባል እንጂ እዚህ አይገባም። አበዳሪው ማየት የሚፈልገው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ሙሉ ገንዘብና እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደሚሸፍን ነው። የሁለቱ ወገን ድምር ከጠቅላላው ወጪ ጋር እኩል መሆን አለበት።

| መስመር | ጠቅላላ | ከአበዳሪ | ከድርጅቱ |
|---|---|---|---|
| ማሽኖች | 940,000 | 940,000 | 0 |
| ማጓጓዣና ተከላ | 60,000 | 60,000 | 0 |
| የኤሌክትሪክ ዝርጋታ | 80,000 | 0 | 80,000 |
| የሥልጠና ወር ደሞዝ | 90,000 | 0 | 90,000 |
| የሥራ ማስኬጃ | 700,000 | 600,000 | 100,000 |
| መጠባበቂያ | 68,000 | 0 | 68,000 |
| ድምር | 1,938,000 | 1,600,000 | 338,000 |

ክፍፍሉም በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። አበዳሪው በደስታ የሚሸፍነው በዓይን የሚታይና መያዣ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። የግድግዳ ውስጥ ሽቦና የሥልጠና ደሞዝ ብድሩ ቢበላሽ አይሸጡም፤ ስለዚህ ድርጅቱ ራሱ ያዛቸው። መጠባበቂያውም ከራስ ኪስ ሲሆን ካልተነካ ወለድ የለውም። የድርጅቱ 338,000 በሒሳቡ ውስጥ ለመኖሩ የባንክ መግለጫ ይያያዛል።

"ከጸደቀልኝ ሙሉው ገንዘብ በአንዴ ቢለቀቅልኝ ይሻላል።"

ማሽኖቹ የሚታዘዙት በ1ኛው ወር ነው። በ2ኛው ወር ተከላና ሥልጠና ይካሄዳል፣ ስፌት የሚጀመረው በ3ኛው ወር ነው። ለሥራ ማስኬጃ የተጠየቀው 600,000 በመጀመሪያው ቀን ቢለቀቅ ለሁለት ወር ሥራ ሳይሠራ ወለድ ይቆጥራል። ሳይታሰብ ለሌላ ጉዳይ የመዋል አደጋም አለው። ስለዚህ በየመስመሩ ጎን ገንዘቡ የሚፈለግበትን ወርና ከእሱ በፊት መጠናቀቅ ያለበትን ነገር ጻፉ። ለምሳሌ የሥራ ማስኬጃው የሚለቀቀው 10ሩም ማሽኖች ተተክለው የርክክብ ሰነዱ ሲፈረም ይሁን። የብድሩንም ዓይነት መለየት ያዋጣል፦ ለማሽኑ 1,000,000 በዓመታት የሚከፈል ብድር፣ ለሥራ ማስኬጃው 600,000 ደግሞ ከደንበኛ ሲገባ የሚመለስና እንደገና የሚወጣ የአጭር ጊዜ ብድር።