የኮትሌት ሽፋን ምንድን ነው? ሲጠበስ ከሥጋው የሚላቀቀውስ ለምንድን ነው?

ኮትሌት በስሱ ተቆርጦ ወይም ተቀጥቅጦ የሚጠበስ ሥጋ ሲሆን፣ ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ የተመታ እንቁላል፣ በመጨረሻም የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይለብሳል። ሦስቱ ተደራርበው ሲጠበሱ ሥጋውን ከዘይቱ ኃይለኛ ሙቀት የሚከልል፣ ወርቃማ መልክ ያለውና ሲነከስ የሚኮረሸም ሽፋን ይሆናሉ። ሽፋኑ ግን አንዳንድ ጊዜ መጥበሻው ላይ እንዳለ፣ አንዳንድ ጊዜም ቢላዋ ሲያርፍበት፣ እንደ ቅርፊት ተገፎ ሥጋውን ራቁቱን ያስቀረዋል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የዱቄቱን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥሬ ሥጋ ገጽ ርጥብና አሙለጭላጭ በመሆኑ እንቁላል በቀጥታ ቢቀባበት ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ስስ ዱቄት ሲነሰነስበት ግን ያን ርጥበት መጥጦ እንቁላሉ የሚቆናጠጠው ሻካራ ገጽ ይፈጥራል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋና ሲያልፍ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውኃ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ እንቁላሉም መርጋት ይጀምራል፤ ሥጋውንና ፍርፋሪውን የሚያያይዘው ይህ ነው።

ይህን ማያያዣ የሚፈታተነው እንፋሎት ነው። ከጥሬ ቀይ ሥጋ ክብደት ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ውኃ ሲሆን፣ ሥጋው ሲሞቅ እየተኮማተረ ከዚህ ውኃ ከፊሉን ያወጣል። ሽፋኑ ግን ቀድሞ ስለሚደርቅ አብሮት አይኮማተርም። በመሆኑም በሁለቱ መካከል የተፈጠረው እንፋሎት ማያያዣው ደካማ የሆነበትን ቦታ ፈልጎ ሽፋኑን ወደ ላይ ይነፋዋል።

ብዙዎች ጥፋቱን በዘይቱ ላይ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው መጥበሻው ገና ሳይጣድ ነው እላለሁ። ማረጋገጫው ደግሞ ቀላል ነው፤ የተላቀቀውን ሽፋን ገልብጦ ውስጡን ማየት ነው። ከአንድ ሥጋ የተቆረጡ ሁለት ኮትሌቶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ዱቄት ውስጥ ተገላብጦ ሳይራገፍ እንቁላል ውስጥ ገብቷል። ሲጠበስ ሽፋኑ ይነሣል፤ ሲገለበጥ በውስጡ ነጭና ብናኝ የሆነ ዱቄት ይታያል። ዱቄቱ ስለበዛ የሥጋው ርጥበት ከታች፣ እንቁላሉም ከላይ ሊያርሱት የቻሉት ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው፤ መካከሉ ደረቅ አቧራ ሆኖ ቀርቷል፣ በአቧራ ላይ ደግሞ የሚለጠፍ ነገር የለም። ሁለተኛው በአንጻሩ ታጥቦ ወይም ከበረዶ ወጥቶ ውኃው ሳይደርቅ ዱቄት ነክቷል። የዚህ ሽፋን ውስጡ ሊጥ የመሰለ፣ የሚያዳልጥ ሆኖ ይገኛል። ዱቄት ከመጠን በላይ መጨመርና ሥጋውን አለማድረቅ መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ሽፋኑን ሳያዩ «ዱቄት አንሶት ነው» ብሎ መጨመር ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል።

በትክክል ለማዘጋጀት፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ላላቸው አራት ኮትሌቶች ሁለት እንቁላል ይበቃል። ሥጋው ጨው ተነስንሶበት ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ጨው የሳበው ውኃ በወረቀት ተጭኖ ይደርቃል። ከዚያ ዱቄት ለብሶ በእጅ መታ መታ እየተደረገ የሥጋው ቀለም ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ይራገፋል። እንቁላሉ ነጩ ከአስኳሉ ፈጽሞ እስኪዋሐድ መመታት አለበት፤ ያልተመታ ነጭ ተጓጉሎ ይወርድና ያለፈበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ፍርፋሪው በመዳፍ ቀስ ብሎ ይጫናል። የለበሰው ኮትሌት ሳይደራረብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢያርፍ ዱቄቱ ርጥበቱን በእኩል ጠጥቶ ይጣበቃል። ሰው ሲቸኩል የሚዘለው ይህ እርምጃ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የበለጠ ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው።

ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሲደርስ፣ ማለትም ጥቂት ፍርፋሪ ሲጣልበት ወዲያው ሲንጫጫ፣ ኮትሌቱ ይገባል። ዘይቱ ካልጋለ ሽፋኑ ሳይረጋ ዘይት ይጠጣና ይላላል፤ መጥበሻውን ማጨናነቅም ዘይቱን ስለሚያቀዘቅዘው ውጤቱ ያው ነው። ከሥር ያለው ገጽ እስኪጠነክር፣ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ሳይነካኩ መተው፣ ከዚያም በሰፊ ማገላበጫ ከሥሩ ገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ መገልበጥ ይገባል፤ ሹካ ሽፋኑን ይቀደዋል። ሲወጣም ዝርግ ሳህን ላይ ከሚያርፍ የሽቦ ፍርግርግ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ሳህን ላይ ከተኛ የራሱ እንፋሎት ከሥሩ ታምቆ፣ በደንብ ተጣብቆ የነበረውን ሽፋን እንደገና ያረጥበዋል።