የማህፀን በር ካንሰር፦ ከኤች.ፒ.ቪ. ቆይታ እስከ አሴቲክ አሲድ ምርመራ

የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚነሳው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ፣ ከማህፀን በር ሳይወጣ ለዓመታት ሲቆይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይህ ሲሆን፣ ከሌሎች ካንሰሮች የሚለየው ዋናው ነገር አዝጋሚነቱ ነው። ቫይረሱ በገባበትና ካንሰሩ ሥር በሰደደበት ጊዜ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በማህፀን በር ላይ የሚታይ፣ ግን ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ አለ። ቅድመ ምርመራ የሚፈልገውም ይህንኑ ለውጥ ነው።

ከ200 በላይ የኤች.ፒ.ቪ. ዓይነቶች ይታወቃሉ። አንዳንዶቹ እጅ ላይ ኪንታሮት ከማውጣት አያልፉም፤ ካንሰር የሚያመጡት ደርዘን ያህል ናቸው። ከእነዚህም ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ለሚከሰተው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ምክንያት ናቸው። ሁለቱን ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከካንሰሩ ናሙና ለይቶ ያሳየው የጀርመናዊው ተመራማሪ የሃራልድ ዙር ሃውዘን ቡድን ነበር፤ ተመራማሪውም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

ካንሰሩ በማህፀን በር ላይ ባገኘው ቦታ አይነሳም። የማህፀን በር ውጫዊ ክፍል በበርካታ ድርብርብ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቦይ ደግሞ ንፍጥ በሚያመነጩ፣ በአንድ ረድፍ በቆሙ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። በጉርምስናና በእርግዝና ወቅት የውስጠኛው ሽፋን ወደ ውጭ ይገለጣል፤ የብልት አሲዳማነት ሲያገኘውም ቀስ በቀስ ወደ ጠፍጣፋው ዓይነት ይለወጣል። ይህ ለውጥ የሚካሄድበት ቀለበት መሰል ቦታ የሽግግር ቀጠና ይባላል። አብዛኛው የማህፀን በር ካንሰር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህም መርማሪዋ ይህን ቀጠና ሙሉ በሙሉ ማየት መቻሏ ለምርመራው ውጤት ወሳኝ ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። በሽፋኑ ላይ ባለ ጥቃቅን ጭረት ገብቶ ከሁሉም በታች ባሉት፣ ሽፋኑን በሚያድሱት ሕዋሳት ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ ሕዋሳት ተባዝተው ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እርሱም አብሯቸው እየተባዛ ይወጣል፤ ከላይኛው ረድፍ ከሚረግፉት ሕዋሳት ጋርም ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ ደም አይገባም፣ የያዘውን ሕዋስ አይገድልም፣ እብጠትም ሆነ ትኩሳት አያስነሳም። በዚህም የተነሳ የሰውነት መከላከያ ዘግይቶ ያገኘዋል፤ ሴቲቱም ምንም አይሰማትም። እንዲህም ሆኖ ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ያስወግዱታል። ወይም ደግሞ በምርመራ እስከማይገኝ ድረስ ያዳክሙታል። እዚህ ላይ በየቤቱ ጠብ ስለሚያስነሳ ጉዳይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፦ ቫይረሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ተያዘች ማለት አይደለም። ማን ለማን እንዳስተላለፈም ከምርመራው ማወቅ አይቻልም። የምርመራ ውጤትን በባልም ሆነ በሚስት ላይ የታማኝነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው።

አደጋው ያለው ቫይረሱ በሚቆይባቸው ጥቂት ሴቶች ላይ ነው። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያመርታል። ኢ6 የተጎዳ ዘረመል ያለውን ሕዋስ የሚያስቆመውንና እንዲሞት የሚያደርገውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ያስፈርሰዋል። ኢ7 ደግሞ ሕዋሱ ያለ ጊዜው እንዳይከፋፈል የሚያግደውን አር.ቢ. የተባለ ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ሁለቱ ጠባቂዎች ሲወገዱ ሕዋሱ መቆም ባለበት ጊዜ ይባዛል፤ በየመባዛቱም የሚፈጠረው የዘረመል ስሕተት ሳይታረም ይከማቻል። ቫይረሱ በቆየ ቁጥር አንዳንዴ ዘረመሉ ተሰብሮ ከሴቲቱ ዘረመል ጋር ይዋሃዳል። ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ኢ2 የተባለው ክፍል ነው። ኢ2 የኢ6ንና የኢ7ን ምርት የሚገታ ስለሆነ፣ እርሱ ሲጠፋ ሁለቱ ያለ ልክ ይመረታሉ። ለካንሰር መነሻ የሚሆነው ቫይረሱ መግባቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ሁኔታ ለዓመታት መቀጠሉ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ የሚታየው የሕዋሳት መዛባት ቅድመ ካንሰር ለውጥ ይባላል። ያልተለመዱት ሕዋሳት ከሽፋኑ ውፍረት የታችኛውን ሲሶ ብቻ ሲይዙ ደረጃ አንድ፣ እስከ ሁለት ሲሶ ሲደርሱ ደረጃ ሁለት፣ ከዚያ ሲያልፉ ደረጃ ሦስት ይባላሉ። ደረጃ አንድ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ደረጃ ሦስት ግን ሌላ ነገር ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህ ለውጥ የተገኘባቸው በርካታ ሴቶች ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ እንዲቆዩ ተደርገው ነበር። ድርጊቱ ከባድ የሥነ ምግባር በደል ነው፤ በሴቶቹ ላይ በኋላ የተደረገው ክትትል ግን ካልታከሙት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ካንሰር እንደያዛቸው፣ በሚገባ ከታከሙት ግን ከመቶ አንዷ እንኳ እንዳልሞላች አሳይቷል። ሕክምና ያላገኘ ኤች.አይ.ቪ. ያለባት ሴት ላይ ግን የሰውነቷ መከላከያ ስለሚዳከም መንገዱ ከአምስት እስከ አሥር ወዳለ ዓመት ሊያጥር ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ኤች.አይ.ቪ. ያለባት ሴት ሁሉ ምርመራውን ከ25 ዓመቷ እንድትጀምር፣ ሌሎች ግን ከ30 ዓመታቸው እንዲጀምሩ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በሦስት መንገድ ይደረጋል። ፓፕ ስሚር የተባለው ከማህፀን በር የተፈተጉ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ማየት ሲሆን፣ የሠለጠነ የሕዋስ መርማሪና ተደጋጋሚ ጉብኝት ይፈልጋል። የኤች.ፒ.ቪ. የዘረመል ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል፤ ሴቲቱ ናሙናውን ራሷ ልትወስድ ትችላለች። ቫይረሱ ካልተገኘ ለዓመታት እፎይታ ይሰጣል፤ ተገኘ ማለት ግን ካንሰር አለ ማለት ሳይሆን ማህፀን በሯ ይታይ ማለት ነው። ሦስተኛው በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች በስፋት የሚሠራበት፣ ማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ባለሙያዎቹ ቪ.አይ.ኤ. ይሉታል። ፈሳሹ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከገበያ የምንገዛው የአቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። የ36 ዓመት፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች፣ ምንም ሕመም የሌላት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። የሠለጠነችው አዋላጅ ነርስ የብልትን ግድግዳ ከፍቶ የሚይዘውን ስፔኩለም የተባለ መሣሪያ አስገብታ ማህፀን በሩን በብርሃን ታያለች፤ ንፍጡን በጥጥ ጠርጋ የሽግግር ቀጠናውን ዙሪያ መለየት መቻሏን ታረጋግጣለች። ከዚያ በአሲዱ የራሰ ጥጥ ታስነካዋለች፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃም ትጠብቃለች። የመጠበቋ ምክንያት ይህ ነው፦ አሲዱ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ያረጋል፤ ኒውክለሳቸው ትልቅና ጥቅጥቅ ያለው የተዛቡ ሕዋሳት ብርሃኑን ሳያሳልፉ ይመልሱትና ነጭ ይመስላሉ፤ ጤነኛው ሽፋን ግን ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። በዚህች ሴት ላይ ከሽግግር ቀጠናው ጋር የተያያዘ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ የደነደነ ነጭ ቦታ በሰዓት ቆጣሪ ከ12 እስከ 3 ባለው አቅጣጫ ታየ። ይህ ለውጥ መኖሩን የሚያሳይ፣ አዎንታዊ የሚባለው ውጤት ነው።

ነርሷ አሁን ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ ነጩ ቦታ ሙሉ በሙሉ ይታያል? ወደ ቦዩ ውስጥ ይገባል? ካንሰር የሚያስጠረጥር እብጠት፣ ቁስል ወይም በንክኪ የሚደማ ነገር አለ? በዚህች ሴት ዘንድ ቦታው ከማህፀን በሩ አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ በማቀዝቀዝ ለሚደረግ ሕክምና አይመችም ነበር። ወደ ቦዩ አይገባም፤ የሚያስጠረጥር ነገርም የለም። ስለዚህ እዚያው፣ በዚያው ቀን ትታከማለች። በክራዮቴራፒ ከሆነ በጋዝ የቀዘቀዘ ጫፍ በማህፀን በሩ ላይ ተደርጎ ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ አምስት ደቂቃ ይቀልጣል፣ ዳግም ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። የበረዶው ጠርዝ ከነጩ ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ዳር ላይ ያሉት የተዛቡ ሕዋሳት ሳይሞቱ ይቀራሉ። በሙቀት የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ጫፉን ወደ 100 ዲግሪ አድርሶ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ጋዝ ስለማይፈልግም ከዋና መንገድ ለራቁ ጤና ጣቢያዎች ይመቻል። ሴቲቱ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይወርዳታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ለአራት ሳምንት ያህል ከግብረ ሥጋ ግንኙነት እንድትቆጠብ ይነገራታል።

ነጩ ቦታ ወደ ቦዩ የሚገባ ወይም በጣም ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሊፕ በተባለው፣ በኤሌክትሪክ በሚቆርጥ የሽቦ ቀለበት የሚደረግ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ትላክ ነበር፤ የተቆረጠውም ሥጋ በፓቶሎጂስት ይመረመራል። ካንሰር የሚጠረጠርበትን ማህፀን በር ማቀዝቀዝ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የላይኛውን አቃጥሎ ሥር የሰደደውን ይሸፍናል፣ ጊዜም ያባክናል።

ምርመራው በዓይን ስለሚደረግ ስሕተት አለበት። የማህፀን በር ኢንፌክሽን ወይም ገና በመለወጥ ላይ ያለ ጤነኛ ሽፋን ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ያልጠራ ነጭነት ሊያሳይ ይችላል፤ ያልተለማመደ ዓይን ይህን ለውጥ ነው ብሎ ሴቲቱን ሳያስፈልግ ያክማል። በተቃራኒው ማህፀን በሩ በደንብ ሳይጠረግ ወይም ደቂቃው ሳይሞላ ከታየ እውነተኛው ለውጥ ያመልጣል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ የሽግግር ቀጠናው ወደ ቦዩ ውስጥ ስለሚገባ አይታይም። ለእነዚህ ሴቶች ቪ.አይ.ኤ. አይበቃም፤ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። በእኔ እምነት በአገራችን ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ የሠለጠነች ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር የሚጠፋው የዓይን ልምድ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል።

የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ የሚከላከለው አዲስ መያዝን እንጂ ቀድሞ የገባን ቫይረስ አያጠፋም። ስለዚህ የዛሬ እናቶች መከላከያ ምርመራው ነው። የታከመችው ሴት ከአንድ ዓመት በኋላ ዳግም ትታያለች፤ ቫይረሱ ከቀረ ለውጡ ሊመለስ ይችላልና። ከግንኙነት በኋላ የሚደማት፣ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የማያቋርጥባት ሴት ግን ወደ ቅድመ ምርመራ ወረፋ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ እነዚህ ምልክቶች ለውጡ ምናልባት ቅድመ ካንሰር መሆኑን አልፎ እንደሆነ የሚያጠራጥሩ ናቸውና፣ ከማህፀን በሩ ሥጋ ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል።