ስለ ኡቡንቱ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኡቡንቱ ማለት መረዳዳት ነው፤ እኛ እድር የምንለው ማለት ነው»

እድር ተቋም ነው። አባል ትሆናለህ፣ በየወሩ ታዋጣለህ፣ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑና ወንበሩ ደጅህ ይደርሳል። ከእድር የወጣ ሰው ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ ሰው መሆኑን ግን ማንም አይጠራጠርም። ኡቡንቱ የተባለው የደቡባዊ አፍሪካ ሕዝቦች አስተሳሰብ የሚነሳው ከዚህ ቀድሞ ካለ ጥያቄ ነው፦ ያ አባል የሚሆነው፣ የሚያዋጣው፣ የሚያዝነው ሰው ራሱ እንዴት ሰው ሆነ?

የዙሉ ተናጋሪዎች «ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ» ይላሉ፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው። ሶቶዎችና ጽዋናዎችም በየቋንቋቸው ይህንኑ ይላሉ። ይህ «ደግ ሁን» ከሚል ምክር ይለያል፤ ሰው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የመልሱ ክብደት የሚታየው ከተቃራኒው ጎን ሲቆም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት የሚያውቀውን ሁሉ ለመጠራጠር ለብቻው ተቀመጠ። ምድርና ሰማዩን፣ የገዛ አካሉን ተጠራጠረ። በመስኮት ቁልቁል የሚያያቸውን መንገደኞች እንኳ፣ ከባርኔጣውና ከካባው ሥር ሰው ይኑር አይኑር ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ሊጠራጠረው ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የሚያስበው ራሱ። በዚህ መንገድ «እኔ» አስቀድሞ ይገኛል፣ ሌላው ሰው ደግሞ በኋላ ማስረጃ የሚፈለግለት ይሆናል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክም የትናንቱና የዛሬው ሰው አንድ መሆናቸውን በራሱ በሰውየው ንቃተ ኅሊናና ትዝታ ሲያስረዳ መነሻው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎረቤት በስሌቱ ውስጥ አልገባም።

በኡቡንቱ ዓይን ዴካርት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አልነበረም። የሚጠራጠርበትን ላቲን ያስተማሩት በላ ፍሌሽ ኮሌጅ የነበሩ ኢየሱሳውያን መምህራን ናቸው። «እኔ» ማለትን ያወቀው «አንተ» ብለው የጠሩት ስለነበሩ ነው። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 «እኔ ያለሁት እኛ ስላለን ነው፤ እኛ ስላለንም እኔ አለሁ» ሲል የጻፈው ስለ አፍሪካ ዝምድና በጥቅሉ ነበር። ቃሉ በኋላ የኡቡንቱ መፈክር ሆኖ በየቦታው ተጠቀሰ።

«ግለሰቡን ማኅበረሰቡ ይውጠዋል፤ የራስ ሐሳብ የሚባል ነገር አይኖርም»

ስጋቱ ከባዶ አልመጣም፤ ከሰፊው የአፍሪካ ፍልስፍና ክርክር ውስጥም አለ። ናይጄሪያዊው ኢፌያኒ ሜንኪቲ በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰውነት ከልደት ጋር ተጠናቅቆ የሚሰጥ ሳይሆን በሂደት የሚገኝ ነው አለ። ሕፃን ሲወለድ ገና መንገድ ላይ ነው። ስም ይወጣለታል፣ ሥርዓቱን ያልፋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ኃላፊነት ይሸከማል፣ ያረጃል፤ ሰውነቱም እየሞላ ይሄዳል። በዚህ ጎዳና ላይ ወድቆ መቅረትም አለ። ሜንኪቲ ከዚህ ተነሥቶ በአፍሪካ ባህላዊ አስተሳሰብ ግዴታ ይቀድማል፣ መብት ይከተላል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ።

ጋናዊው ክዋሜ ጄቼ ይህ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ተቃወመ። የአገሩ የአካን ሕዝብ ተረት ሰው ከሰማይ ሲወርድ የሚያርፈው ሰዎች መካከል ነው ይላል፤ ጄቼ ይህን ይቀበላል። ነገር ግን የማሰብና የመምረጥ ችሎታን ማኅበረሰቡ ያሳድገዋል እንጂ አይፈጥረውም ይላል። ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ የሠራው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ የገዛ ወገኑን ልማድ ስህተት ነው ብሎ የሚነሣ ሰው ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ኅብረተሰብ ታይቷል። በዚህ ነጥብ ላይ ጄቼ ልክ ይመስለኛል።

ሐሳቡ ያለ አግባብ ሲሠራበት መለየት ይቻላል። «ኡቡንቱ የለህም» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ከላይ ወደታች፣ ከሽማግሌ ወደ ወጣት፣ ከአለቃ ወደ ሠራተኛ፣ ከባል ወደ ሚስት ብቻ ከሄደ፣ እየተነገረ ያለው ዝም በል ነው። የጋራ መሆን ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ማኅበረሰቡም ለአባሉ ዕዳ አለበት።

«ሰውነት የሚገኝ ነገር ከሆነ፣ ነፍሰ ገዳይ ሰውነቱን አጥቷል፤ ቢገደልም ሰው አልተገደለም»

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት መርምሮታል፤ ምርመራውም ብዙ የፍልስፍና ድርሳን ካደረሰው በላይ ያደርሳል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሥራ በጀመረበት በ1995 የቀረበለት ጉዳይ፣ በአንደኛው ተከሳሽ ስም የማክዋንያኔ ጉዳይ ይባላል። ሁለት ሰዎች ከዘረፋ ጋር በተያያዘ በአራት ነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው ሞት ተወስኖባቸው ነበር። በአገሪቱ ስቅላት ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም ሕጉ አልተሻረም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርደኞችም ዕጣቸውን ይጠብቁ ነበር። የ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በሕይወት የመኖር መብትን ቢደነግግም፣ ስለ ሞት ቅጣት በግልጽ ያለው ነገር አልነበረም። በመዝጊያው ላይ ግን አገሪቱ የሚያስፈልጋት መረዳት እንጂ በቀል፣ ካሣ እንጂ አጸፋ፣ ኡቡንቱ እንጂ ሰውን ተጠቂ ማድረግ አይደለም የሚል ሐረግ ሰፍሮ ነበር።

ሰኔ 6 ቀን 1995 አሥራ አንዱም ዳኞች የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ምክንያታቸውን ግን በየበኩላቸው ጻፉ፤ ለእኛ የሚጠቅመው እዚያ ውስጥ ያለው ነው። ዳኛ ፓየስ ላንጋ ኡቡንቱን የገለጸው በሁለት እጥፍ ነው። በመጀመሪያ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ከማኅበረሰቡ ቅድመ ሁኔታ የሌለው አክብሮትና ተቀባይነት ይገባዋል። ቀጥሎ ያ ሰው በተራው ይህንኑ አክብሮት ለሌሎች መስጠት አለበት። ዳኛ ኢቮን ሞክጎሮ ደግሞ ኡቡንቱን ከሰብአዊ ክብር ጋር አያይዛ፣ የሕገ መንግሥቱ መብቶች ሊተረጎሙበት የሚገባ የአገሬው እሴት ነው አለች።

ላንጋ የተናገራቸው ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው ካልተያዙ ስህተቱ ይመለሳል። አንዱ ሰው የመሆን ደረጃ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሌላው ሰው ሆኖ መገኘት ነው፤ ይህ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ፈጽሞ ሊከሽፍም ይችላል። አራት ሰው የገደለ በሁለተኛው ወድቋል፤ የመጀመሪያው ግን የእርሱ ሥራ ስላልሆነ በእርሱ ሥራ አይጠፋም። ጄቼ በአካን ዘንድ ያገኘውም ይኸው ነው። ክፉውን ሰው «ኦንዬ ኦኒፓ»፣ ማለትም ሰው አይደለም ይሉታል፤ ያው ሕዝብ ግን የሰው ልጅ ሁሉ የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ የምድር ልጅ የለም የሚል ተረት አለው። እኛም «እሱ እኮ ሰው አይደለም» ስንል ምግባሩን እንፈርዳለን እንጂ ሲታመም ውኃ አንከለክለውም።

ግለሰቡን መነሻ ያደረገው አመለካከት በዚህ ስፍራ ያለውን ብርታት መካድ አይገባም። በጀርመናዊው አማኑኤል ካንት ዘንድ የሰው ክብር በጎረቤት ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰንም፣ አብዛኛው ሕዝብ የሞት ቅጣትን ሊደግፍ እንደሚችል ተቀብሎ፣ መብት የተደነገገው ብዙኃኑ የተጸየፋቸውን ጭምር እንዲጠብቅ ነው አለ። ያው ሰው በዚያው ፍርድ ውስጥ ኡቡንቱን ጠቅሶ፣ ለመበቀል ሲል ወንጀለኛን የሚገድል ኅብረተሰብ ከዚህ እሴት ጋር አይሄድም ይላል። ሁለቱ መንገዶች ሁልጊዜ አይጣሉም። ደግሞም ምዕራቡን ሁሉ ግለኛ ማድረግ አይቻልም፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ራስን ማወቅ በሌላው በመታወቅ በኩል ይመጣል ያለው በ1807 ነው።

«ኡቡንቱ ማለት ይቅር ማለት ነው»

ይህ ስም የወጣው በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ የዘመኑን ግፍ እንዲመረምር ከተቋቋመው ከእውነትና እርቅ ኮሚሽን፣ በተለይም ከሊቀ መንበሩ ከሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነው። ኮሚሽኑ ግን ይቅርታን በነጻ አላደለም። ምሕረት የሚጠይቅ ሰው የፈጸመውን ሙሉ በሙሉ መናገርና ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ እንደነበረው ማሳየት ነበረበት፤ አብዛኞቹ አመልካቾች ምሕረት አላገኙም። የሟች ቤተሰቦችም የመክሰስ መብታችን ተወሰደ ብለው በ1996 እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ተሸንፈዋል። ከላይ የጠቀስኩት የሕገ መንግሥት ሐረግ ካሣንም ይጨምራል። ኮሚሽኑ ለተጎጂዎች ለስድስት ዓመት የሚከፈል ዓመታዊ ድጎማ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ መንግሥት በ2003 የወሰነው ግን የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ነው። የተጎዳው ይቅር እንዲል ተጠይቆ የጎዳው ወገን ግዴታውን ካልተወጣ ግንኙነቱ አልታደሰም፤ በኡቡንቱ ሚዛንም ጎዶሎ ነው።

«ኡቡንቱ እውነት ቢሆን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ሱቅ አይቃጠልም ነበር»

በግንቦት 2008 በተነሣው የጥላቻ ጥቃት 62 ሰዎች ተገደሉ። በሚያዝያ 2015 ደርባን ላይ ከተቃጠሉት መካከል ኢትዮጵያውያን የሚሠሩበት የኮንቴይነር ሱቅ ነበረ፤ ሰው ሞቶበታል። በየታውንሺፑ ሱቅ ከፍቶ የሚያድር ወገናችን ይህን ስጋት ያውቀዋል።

ኡቡንቱ ሰው እንዴት መሆን እንዳለበት የሚለካበት ሚዛን ነው፤ ሁሉም በሚዛኑ ልክ ይኖራል የሚል ዘገባ አይደለም። ጥያቄው ግን በዚህ አይዘጋም፤ ደካማውን ጎን ነክቷልና። ሰው በሰዎች ከሆነ፣ እነዚያ «ሰዎች» እነማን ናቸው? መንደርተኛው ብቻ ከሆነ፣ «ማክዌሬክዌሬ» ተብሎ የሚሰደበው መጤ ከክቡ ውጭ ይቀራል፤ ያቃጠለውም ሰው ለወገኔ ቆምኩ ሊል ይችላል። በ2008 ከተገደሉት 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ክቡን ማጥበብ አንዴ ከተጀመረ ወሰኑን የሚያበጀው ዱላ የያዘው ነው። ሐሳቡ ራሱን ሳይጻረር ሊቆም የሚችለው «ሰዎች» የሚለው ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው፤ ላንጋ «ቅድመ ሁኔታ የሌለው» ማለቱ ለዚህ ይጠቅማል።

በ2004 ይህ ጥያቄ በሌላ መልኩ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በደቡብ አፍሪካ ቋሚ ነዋሪ የነበሩ ሞዛምቢካውያን የአረጋውያንና የሕፃናት ድጎማ ለዜጎች ብቻ ነው ተብለው ተከለከሉ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፈችው ያችው ሞክጎሮ ናት። ቋሚ ነዋሪዎች የዚህ ማኅበረሰብ አካል ናቸው፤ ባለጸጋው የድሃውን ደኅንነት ከራሱ ደኅንነት ጋር የተያያዘ አድርጎ ማየት አለበት ብላ ድጎማው እንዲሰጣቸው ወሰነች። ውሳኔው የደረሰው ግን ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። በየጊዜው በሚታደስ ጊዜያዊ ወረቀት የሚኖረው ሰው በዚያ ፍርድ አልተካተተም።